የክርስትና ስሟን ጠየቁን

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ጢሙም አይናቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ለጥቂት ወራት «ሚስ» ብለው የጠሩት ባሕር ማዶ ያሉ አንዲት ሴት ናቸው። ክፋት አልነበራቸውም። እንዲያውም እንደ እርሳቸው ያለ ትሑት ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ነገሩ የመጣው በልጃችን በኩል ነው። ነርስነት ተምራ እንደ ጨረሰች ወደ ክፍለ ሀገር ተመደበች። የተመደበችበት ጤና ጣቢያ ስልክ አለው፤ ኢንተርኔት ግን በአካባቢው የለም። እዚያ ሆና ያለ ጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት አያያዝ የሚያስተምር ሥልጠና እንዳለ ሰማች። የሚሰጠው በውጭ አገር፣ በአንድ የሚስዮን ሆስፒታል ነው። አመለከተች። ለዚህ ሥልጠና የነበራት ጉጉት የእናት ዓይን የማያመልጠው ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ እነዚያን ትንንሽ ሕፃናት በጥጥ ጠቅልላ፣ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ አጠገባቸው አስቀምጣ ስትጠብቅ ታድራለች። አንዳንዱ ይነጋለታል፤ አንዳንዱ አይነጋለትም። ስልክ ደውላ ዝም ስትል የትኛው እንደ ሆነ አውቃለሁ።

እኔ ሰንጋ ተራ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ቢቸግር እጽፋለሁም። ስለዚህ ኢሜይሏን የመክፈትና የመመለስ ሥራ የእኔ ሆነ። ከሥራ ስወጣ በእግሬ ወደ አብነት እወርድና ከጫማ ሰፊው አጠገብ ያለችው ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ። የመጣውን አነባለሁ፣ ማታ ወደ ጤና ጣቢያው እደውላለሁ፣ የነገረችኝን በማግሥቱ እጽፋለሁ። ደብዳቤዎቹ ላይ «እናቷ ነኝ፣ በእርሷ ስም የምጽፈው እኔ ነኝ» ብዬ ገና ከመጀመሪያው አስታውቄያለሁ።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት የወሎ ሰው ነው፤ እስላም ነው። ቀድሞ የስፌት መኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር፤ በኋላ ነው ኮምፒውተር ያስገባው። እኔን «እትዬ» ይለኛል። ስገባ ጥግ ያለውን ወንበር ያስለቅቅልኛል፣ መስመሩ ሲቋረጥም እንደ ራሱ ጥፋት ይቅርታ ይጠይቀኛል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው የሠልጣኞችን ጉዳይ ከሚይዙት ሴት ነው። ሲጀምር «ውድ ሚስ» ይልና የባለቤቴን ስም ያስከትላል። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ደብዳቤው ለእርሱ የመጣ መስሎኝ ነበር። ቀጥዬ ሳነብ ስለ ነርስነት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ልጃችን ስሟን፣ ቀጥላም የአባቷን ስም ጽፋለች። ሴትየዋ ደግሞ እንደ አገራቸው ልማድ ኋላ የመጣውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ወሰዱት፤ በእርሱ ላይ «ሚስ» ጨመሩበት።

ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ደብዳቤ መጥቶልሃል።»

«ከማን?»

«ከአንዲት ሴት። ከውጭ አገር።»

ጉርሻውን መለሰና ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። የምን ሴት እንደ ሆነች አልጠየቀም፤ ጠብቄ ጠብቄ ራሴ ነገርኩት። «ውድ ወይዘሪት ብላሃለች» አልኩት። ደብዳቤው ስለ ልጁ መሆኑን እስኪሰማ አልሳቀም፤ ከሰማ በኋላም ጢሙን ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ «ወይዘሪትነቱ ይቅርብኝ፤ ልጅቷን ይቀበሏት እንጂ» አለ።

እኔስ ምን መለስኩ? «ውድ ሚስስ» ብዬ የሴትየዋን የመጀመሪያ ስም ጻፍኩ። በእኛ ዘንድ ወይዘሮ ከተባለ የሚከተለው የራሷ ስም ነው። አንዲትን ሴት ወይዘሮ ብሎ በአባቷ ስም የሚጠራ ሰው አላውቅም። ስለዚህ እርሳቸው ልጄን በአባቷ ስም ወይዘሪት ሲሏት፣ እኔ ደግሞ እርሳቸውን በራሳቸው ስም ወይዘሮ እያልኩ፣ ሁለታችንም በታላቅ አክብሮት ስንሳሳት ከረምን። በዚህ ላይ ማንም አልተቆጣም። እርሳቸው እንደ ነገሩ ተገርመው ሊሆን ይችላል፤ ግን አልተናገሩም።

በሁለተኛው ደብዳቤያቸው አንድ ነገር በጥንቃቄ ጠየቁኝ። የእኔ ሁለተኛ ስምና የልጅቷ ሁለተኛ ስም አይገጥምም፤ የወለድኳት እናቷ ነኝ ወይስ አሳዳጊዋ? ለመዝገባቸው ያህል ብቻ መሆኑን፣ ቅር እንዳይለኝም ለመኑኝ። ቅር አለኝ ማለት ውሸት ነው፤ ትንሽ ግን ወጋኝ። የእኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ ነው፤ የእርሷ የአባቷ። እንዴት ይገጥማል? ስናገባ ስማችንን ይዘን ነው የምንገባው። «የወለድኳት እኔ ነኝ» ብዬ በአጭሩ መለስኩ፤ ማብራሪያ አልጨመርኩም። ያን ጊዜ ባብራራ ኖሮ ብዙ ነገር በቀረ ነበር።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ነገሩ ጣመው። «እኔ ወይዘሪት ሆንኩ፣ አንቺ እንጀራ እናት ሆንሽ። አሁን የቀረችው ልጅቷ ናት» አለ።

የእርሷም ተራ ደረሰ።

በሦስተኛው ደብዳቤ ልጄን እንደ ተቀበሏት ነገሩን። ደስታችንን መናገር አልችልም። ለኤምባሲ የሚሆን የግብዣ ደብዳቤ ሊጽፉልን ነው። ለዚህም፣ ከስሞቿ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በትክክል ስላልገባቸው፣ «ክርስቲያን ኔሟን» እና የቤተሰብ ስሟን ለይተን እንድንልክላቸው ጠየቁ።

አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ሁለቱንም ቃል አውቃቸዋለሁ፤ ክርስቲያን ክርስቲያን ነው፣ ኔም ስም ነው። የክርስትና ስሟን። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ አማተብኩ። በውጭ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጄ ከቤቷ ስትርቅ በማን እጅ ትወድቃለች የሚል ሐሳብ በልቤ ነበረ፤ ያ ሐሳብ ቀለለኝ። በስሟ ጸሎት ሊያደርሱላት ነው ብዬ አመንኩ።

ማታ ደወልኩላት።

«የክርስትና ስምሽን ጠይቀውሻል» አልኳት።

«ለምን ፈለጉት እማዬ?»

«ሚስዮን አይደሉ? ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች ናቸው።»

«የክርስትና ስም እኮ ለማንም አይነገርም ትይኝ ነበር።»

እውነቷን ነው፣ እል ነበር። የክርስትና ስም ለንስሐ አባት፣ ለቅዳሴ፣ መጨረሻም ለፍትሐት ነው፤ በየመንገዱ የሚጣል አይደለም። ጎረቤቶቼ ልጄን በዓለም ስሟ ነው የሚያውቋት። ነገር ግን ለጸሎት የጠየቀ ሰው እንዴት ይከለከላል? እርሷም «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለችኝ። በማግሥቱ ላክሁ። የክርስትና ስሟ «ወለተ» ብሎ ጀምሮ በቅድስት ስም የሚያልቅ ነው። ከሥሩ፣ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ፣ የአባቷን ስም ጻፍኩ።

የግብዣው ደብዳቤ ሲመጣ ልጄ የኤምባሲ ቀጠሮዋን ይዛለች። ከጤና ጣቢያው ፈቃድ ያገኘችውም ለዚያው ቀጠሮ ነው። ሥልጠናው የሚጀመርበት ቀን ቁርጥ ነው፤ በዚያ ቀጠሮ ቪዛውን ካላገኘች ቦታዋ ተጠባባቂ ለሆነች ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ሁሉ ሴትየዋ አስቀድመው ነግረውናል።

ኢሜይሉን ከፈትኩ። «ውድ ወለተ» ይላል።

ፈገግ አልኩ። ወለተ ማለት በግዕዝ የእገሌ ልጅ ማለት ነው፤ ያለ ተከታዩ ስም ምንም አይደለም። ሴትየዋ ተከታዩን ቆርጠው ጥለውታል፤ የቀረው «ውድ የእገሌ ልጅ» ነው፣ እገሌው የሌለበት። እኛም ቤት ውስጥ ስም እናሳጥር የለ፣ ለፍቅር ነው ብዬ ተረጎምኩት። የግብዣውን ደብዳቤ እንዲታተምልኝ ነገርኩና ገንዘቤን ይዤ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ጠረጴዛ ሄድኩ።

ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ እንዳይጨማደድ በሁለት እጁ ተቀበለው። የልጄን ፓስፖርት ከጥቂት ቀን በፊት ኮፒ ያደረገልኝ እርሱ ነው፤ ስለዚህ ስሟን ያውቃል። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«እትዬ፣ ይቺ ማን ናት?»

«ልጄ ናት እንጂ።»

«ሁለተኛ ልጅ አለችዎት እንዴ?»

«ያችው ናት። የክርስትና ስሟ ነው።»

«ኤምባሲ በክርስትና ስም ምን ያደርጋል?»

በራሴ አይደለም የሰጠሁት፣ እነርሱ ጠየቁኝ እንጂ፣ አልኩት። የጠየቁበትን ደብዳቤ ከፍቼ አሳየሁት። አነበበና እጁን አፉ ላይ ጫነ። ትከሻው ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀብኝ መሆኑን ሳውቅ ልቆጣ ምንም አልቀረኝም።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ በእርስዎ አይደለም የምስቀው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «እኔንም ጠይቀውኛል።»

«አንተን? የክርስትና ስም?»

«አዎ። የስፌት መኪና ዕቃ የሚልክልኝ ነጋዴ። ክርስቲያን ኔምህን ላክ አለኝ። እኔም አሰብኩ አሰብኩና፣ እስላም ነኝ፣ የክርስትና ስም የለኝም፣ ዕቃውን ግን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል ብዬ ጻፍኩለት።»

«ምን መለሰ?»

«ደነገጠ መሰለኝ። ይቅርታ ጠየቀና፣ ያልኩህ የራስህን ስም ነው፣ እናትና አባትህ ያወጡልህን፣ አለኝ። በእነርሱ አነጋገር ክርስቲያን ኔም ማለት እርሱ ነው። ፊት የሚመጣው ተራ ስም። ጸሎት የለበትም።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሳቅ አላሰብኩም። ወረቀቱን እንደ ያዝኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፓስፖርቷ ላይ ያለችው ልጅና የተጋበዘችው ልጅ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቀጠሮው ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ነው። ባለቤቱ ሳቁን አቁሞ ሻይ አስመጣልኝ፤ አልጠጣሁትም።

ልጄ በማግሥቱ ገባች፤ የመንገዱ አቧራ ገና ከፀጉሯ አልረገፈም። ወረቀቱን ሰጠኋትና የሆነውን ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ጥሩ ነው እማዬ፣ ሌላ ሰው ጋብዘዋል» ብቻ አለች። ራት ግን አልበላችም። አባቷም ያን ቀን ስለ ወይዘሪት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ያላትን ወረቀት ሁሉ አልጋው ላይ ዘረጋች። ያን ጊዜ ሌላ ጉድ ወጣ። የልጄ ስም በእኛ ፊደል ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው «ጽ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ጽ» የሚባል የለም። የትምህርት ቤት ሰርተፊኬቷ ላይ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ጀምረውት አምስት ፊደል ሆኗል። የኮሌጁ ዲፕሎማ «ቲ»ዋን ጥሎ በ«ኤስ» ብቻ ጽፎታል፤ አራት ነው። ፓስፖርቱ «ቲ»ዋን መልሶ ከመጨረሻው ፊደል በፊት አንድ «አይ» ጨምሮበታል፤ ስድስት። ኢሜይሏ ላይ ያለው ደግሞ ከሦስቱም የተለየ ነው። አካውንቱን ስትከፍት ሌላው ሁሉ በሌላ ሰው ተይዞ ስለ ጠበቃት የተገኘውን ወሰደች።

«ከእነዚህ የትኛዋ ነሽ?» አላት አባቷ።

«ፓስፖርት ላይ ያለችው» አለች። «ለጉዞ እርሷ ናት የምትታወቀው።»

በነጋታው ሁለታችን ኢንተርኔት ቤት ሄድን። አርብ ነበር። ከሁሉ ያስቸገረን የመጀመሪያው መስመር ነው። እኔ እንደ ልማዴ «ውድ ሚስስ» ብዬ የመጀመሪያ ስማቸውን ስጽፍ ልጄ እጄን ያዘችው።

«እማዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትጽፊላቸው?»

«ሌላ ምን ልበላቸው? ስማቸው እኮ ነው።»

«ሚስስ ካልሽ የቤተሰብ ስማቸውን ነው የምታስከትዪው። የመጨረሻውን።»

«የባላቸውን ስም?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

እኔ ደግሞ እኒህን ትልቅ ሴት በባላቸው ስም መጥራት ነውር ሆነብኝ። ባለቤቱ ከጠረጴዛው ሆኖ ይሰማናል። «አሁን ድንገት ቢቀይሩት የተቆጡ ይመስላቸዋል» አለ። እርሱን ነጋዴው ስሙን ለሁለት ቆርጦ «ውድ አብዱ» እንደሚለው ነገረን። አብዱ ማለት ባሪያው፣ አገልጋዩ ማለት ነው፤ የማን እንደ ሆነ የሚናገረው የተቆረጠው ክፍል ነው። «እርስዎ ቤት የእገሌ ልጅ አሉ፣ እኔ ቤት የእገሌ ባሪያ። ጌታችንን ሁለቱም ጋ ቆርጠውታል» አለ። ልጄ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በመጨረሻ በቤተሰብ ስማቸው ጀመርንና እስከ ዛሬ በሌላ ስም የጠራኋቸው ለምን እንደ ሆነ በመጀመሪያው መስመር አስረዳሁ። ቀጥሎ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ልጄ እንግሊዝኛውን አቃናችልኝ።

የልጄ ስም ፊት ያለው ነው። የሚከተለው የአባቷ የራሱ ስም ነው፤ ሦስተኛው የአያቷ። የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ ስለዚህ ሲጽፉላት ሚስ ብለው በመጀመሪያው ስሟ ይጥሯት። በሁለተኛው የጠሯት እንደ ሆነ የሚዞረው ባለቤቴ ነው፤ እርሱም ሚስ አይደለም። የእኔ ስም ከእርሷ ጋር የማይገጥመው እኔም የአባቴን ስም ይዤ ስለምኖር ነው። ወለተ ብዬ የላክሁት በቤተ ክርስቲያን የምትጠራበት የጸሎት ስሟ ነው፤ የጠየቁኝ እርሱን መስሎኝ ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ አይገኝም። የግብዣውን ደብዳቤ እባክዎ ከዚህ ጋር በተያያዘው ፓስፖርት ላይ እንዳለው፣ ሦስቱንም ስም በቅደም ተከተሉ፣ ፊደሉንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጻፉልን። ዲፕሎማው ላይ ያለው ፊደል ቢለይም ልጅቷ አንድ ናት። ቀጠሮዋ ረቡዕ ነው።

ላክነው። ባለቤቱ፣ «አሁን አርብ ከሰዓት ነው፤ እነርሱ ቅዳሜና እሑድ አይሠሩም» አለን።

እሑድ ልደታ አስቀደስኩ። ካህኑ በየስማችን ሲጸልዩ የልጄን የክርስትና ስም ሙሉውን ጠሩት፤ ወለተ ብለው አልቆሙም። እዚህ የሚሳሳት የለም ብዬ አሰብኩ። እመቤቴ ሆይ፣ አንቺ በየትኛውም ስሟ ታውቂያታለሽ፤ ኤምባሲው ግን በፓስፖርቱ ብቻ ነው፣ አልኳት። እንዲህ ብሎ መጸለይ ይገባ እንደ ሆነ አላውቅም።

ሰኞ መልስ አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ልጄን ቤት ትቼ ብቻዬን ወረድኩ። ባለቤቱ ገና ከበሩ ሲያየኝ ጥግ ያለውን ወንበር ሳበልኝ። መስመሩ ሁለቴ ተቋረጠ። ከዚያ ተከፈተ።

መልሱ መጥቶ ነበር። ደብዳቤውም ተያይዟል። ሦስቱ ስሞች በቅደም ተከተል፣ የራሷ ስም ስድስቱም ፊደላት በየቦታቸው። ፓስፖርቱን ከቦርሳዬ አወጣሁና ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። ባለቤቱም ከትከሻዬ ኋላ ሆኖ አብሮኝ አመሳከረ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ተመስገን» አልኩ። ሁለታችንም ያልነው አንድ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ኢሜይሉን ያነበብኩት። ሴትየዋ ስለ ስማችን ለማወቅ የአገራችንን ሰው ፈልገው ጠይቀዋል መሰለኝ፣ ልጄን በእኛው ማዕረግ ሊያከብሯት ፈልገው «ውድ ወይዘሮ» ብለው በራሷ ስም ጀምረዋል። ያላገባች ሴት ወይዘሪት እንደምትባል ግን የነገራቸው የለም። ለእኔ ደግሞ ከሥር ጽፈውልኛል። «ሚስስ» ብሎ በራሳቸው ስም የጠራቸው በሕይወታቸው እኔ ብቻ እንደ ሆንኩ፣ መጀመሪያ እንደ ገረማቸው፣ በኋላ ግን ኢሜይሌን ሲከፍቱ የሚጠብቁት እርሱን እንደ ነበረ ነገሩኝ። እንዳልተወው ለመኑኝ። የጸሎት ስሟንም ከመዝገቡ ሰርዘውት ለራሳቸው ጸሎት እንዳስቀሩት ጻፉ። በመጨረሻም ባለቤቴን ይቅርታ እንድጠይቅላቸው አደራ አሉኝ።

ማታ ሁሉን አነበብኩላቸው። ልጄ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። አባቷ «ወይዘሮ» የሚለውን ሲሰማ፣ «ሽማግሌ ሳይልኩ፣ ሳልጠየቅ ዳሩልኝ ማለት ነው» አለ። ያን ምሽት ልጄ ራቷን በላች።

ኤምባሲ ስትገባ እኔ ውጭ አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው በጣቱ እየተከተለ ስሟን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል እንዳመሳከረ ስትወጣ ነገረችኝ። ስድስተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ትንፋሿን ይዛ ነበር። አለፈች። ሄደች።

እዚያ ስትደርስ ደግሞ የደረት መለያዋ ላይ ትልቁን ቦታ ለአባቷ ስም ሰጥተውታል። ያን የሠራው ሌላ ክፍል ነው፤ የእኛዋ ሴትዮ ሳይሰሙ የተሠራ ነው። ሐኪሞቹም ነርሶቹም «ሲስተር» ብለው በአባቷ ስም ይጠሯታል። ልታስተካክለው ነበር፤ ከዚያ ተወችው። ይህን በስልክ ስትነግረን ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለኝና፣ «ዛሬ ስንት ሕፃን አጠባሁ?» አላት። ከዚያ ወዲህ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ሲቀይር እንኳ፣ እዚያ ማዶ በስሙ ሕፃን እየታቀፈ መሆኑን ለረዳቱ ሳይነግር አያልፍም ይሉኛል።

እኔ ደግሞ ያንን ውለታ በምን እመልሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ሴትየዋ የልጄን ስም ለጸሎታቸው ወስደዋል። የግንቦት ልደታ ሲደርስ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩና የእርሳቸውንም ስም በጸሎት እንዲያስቡልኝ ለመንኳቸው። ማን እንደ ሆኑ ነገርኳቸው፤ በሃይማኖት ቢለዩንም ጸሎት አይከለከልም አሉኝና እስክሪብቶ አወጡ።

«የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ይህ የዓለም ስማቸው አይደለም እንዴ? የክርስትናውን ነው የምልሽ።»

«እርሱው ነው አባቴ» አልኳቸው። «እነርሱ ያላቸው አንድ ብቻ ነው፤ ለሁለቱም በእርሱ ነው የሚጠቀሙት።»

አባ ጥቂት አሰቡና ጻፉት። ደግመው አነበቡት፣ ሰረዙትና በሌላ ፊደል ጻፉት። ሦስተኛም ጊዜ ሞከሩ። «እንዴት ነው የሚጻፈው ልጄ?» አሉኝ። እኔም በየትኛው ፊደል እንደሚገባ አላወቅሁም። ባሉት ይሁን፣ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል፣ አልኳቸው።